ማግኔቱን ስገለብጠው የሆል ቮልቴጁ ምልክት አልተገለበጠም፤ የትኛውን ቁጥር ልያዝ?

ሀያት ዘጅማ

ሰላም ለቤቱ። ሰኞ የማስረክበው የላብ ሪፖርት አለብኝ፤ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የተሰጠን ምንም ያልተጻፈበት የጀርማኒየም ቁራጭ ነው። ሥራው ፒ-ታይፕ ይሁን ኤን-ታይፕ ከሆል ቮልቴጁ ማወቅ፣ ከዚያ በአንድ ሜትር ኪዩብ ውስጥ ስንት ቻርጅ ተሸካሚ እንዳለ ማስላት ነው። ቁራጩ ርዝመቱ 20 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 10፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ነው። ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ አቁሜዋለሁ። ከግራ ወደ ቀኝ 10 ሚሊአምፔር እሰድበታለሁ፤ ማግኔቱ በውፍረቱ በኩል 0.2 ቴስላ ያሳልፍበታል። ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ መሀል ላይ አንድ አንድ ሽቦ ተበይዶበታል። የሜትሩ ቀይ ላይኛው ላይ፣ ጥቁሩ ታችኛው ላይ ነው።

ፊልዱ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን +22.6 ሚሊቮልት አነበብኩ። የኮይሉን ከረንት ገልብጬ ፊልዱን ሳዞረው ደግሞ +5.8። ሲገለበጥ ወደ ኔጋቲቭ መሄድ አልነበረበትም? ጓደኛዬ «ሁለቱም ዓይነት ተሸካሚ እኩል አለበት ማለት ነው» ትላለች። እኔ አልተዋጠልኝም። በ22.6 ላስላ ወይስ በ5.8?

መምህር ዘሄርማታ

አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ሁለቱ ሽቦዎች በትክክል ፊት ለፊት አልተበየዱም፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። ስለዚህ ማግኔት ባይኖርም በመካከላቸው ቮልቴጅ አለ። ይህ ስህተት አንዴ ጨምሮ አንዴ ቀንሶ ስለሚያሳይ የሁለቱን አማካይ ውሰጂ፤ 14.2 ሚሊቮልት ይመጣል። በዚያ አስዪና ጨርሺ።

የጓደኛሽም ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። ማግኔት ኤሌክትሮንን ወደ አንድ ጠርዝ፣ ፖዘቲቩን ቀዳዳ ወደ ሌላው ጠርዝ ነው የሚገፋው፤ ያሸነፈው ወገን ምልክቱን ይወስናል።

ባጃጅ ጠጋኙ

ስለ ሆል ሲወራ አይቼ ነው የገባሁት። መርካቶ አካባቢ ነው የምሠራው፣ አሁን አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባለ ሦስት እግሮች ይመጡልኛል። አንዱ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ በእጅ ከተገፋ በኋላ ግን ደህና ይሄዳል። ሞተሩ ውስጥ ያሉት ሦስቱ የሆል ሴንሰሮች ናቸው ይሉኛል። እንዴት ነው የሚለካው? በኦም ሜትር ሞክሬ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው የሚያሳየኝ።

ጋሽ ሚሊቮልት

ባጃጅ ጠጋኙ፣ የአንተን ባጭሩ ልመልስና ወደ ልጅቷ ልሂድ፤ የእሷ ጥያቄ ሌላ ነው። ኦም ሜትሩን ተወው። ሴንሰሮቹ ከሞተሩ መቆጣጠሪያ ጋር እንደተገናኙ መደበኛውን 5 ቮልት ስጥና የእያንዳንዱን የሲግናል ሽቦ በቮልት ሜትር እያየህ ጎማውን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። ደህናው ከዜሮ ገደማ ወደ 5 ገደማ ይዘላል፣ ተመልሶም ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ካለ እሱ ወይም ሽቦው ነው። እነሱ ውስጣቸው ማጉያና ማብሪያ ማጥፊያ ያላቸው ናቸው፤ ሀያት የያዘችው ራቁቱን ያለ ቁራጭ ነው።

ሀያት፣ መምህር ምክንያቱን በትክክል ነግረውሻል፤ መድኃኒቱን ግን ገልብጠውታል። አማካዩን ከወሰድሽ የጣልሽው ራሱን የሆል ቮልቴጁን ነው!

እንዲህ አስቢው። ማግኔቱ ሲገለበጥ አብሮ የሚገለበጠው የሆል ቮልቴጁ ብቻ ነው። የሽቦዎቹ መሸሽ ያመጣው ቮልቴጅ የማግኔቱን አቅጣጫ አያውቅም፤ ከረንቱ ካልተነካ እሱም አይነካም። ስለዚህ አንደኛው ንባብ ሽሽቱ ሲደመር ሆል ነው፤ ሁለተኛው ሽሽቱ ሲቀነስ ሆል። ስትደምሪያቸው ሆሉ ይጠፋል፤ ስትቀናነሺያቸው ሽሽቱ ይጠፋል። የሚያስፈልግሽ የልዩነታቸው ግማሽ ነው፦ (22.6 − 5.8)/2 = 8.4 ሚሊቮልት። 14.2ቱ የብየዳው ቁጥር ነው፤ ስለ ተሸካሚዎቹ ብዛት የሚነግርሽ ነገር የለም።

በጅሬን ዳገት ላይ ሁለት ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ቆመዋል በይ። አንዱ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ከቀደመ የከፍታ ልዩነታቸው ከዳገቱ የመጣ ነው፤ መንገዱ ወደ ጎን አዘንብሏል ማለት አይደለም። የአንቺም ቁራጭ በርዝመቱ ዳገት አለው። ግን ዳገቱ ስንት ነው? ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ ለክተሻል? እስኪ እሱን ንገሪኝ። ሌላው፣ የኮይሉን ከረንት አጥፊና ቁራጩ ላይ 10 ሚሊአምፔሩን ብቻ ትተሽ ምን እንደሚያነብ እዪ። ከዚያ የቁራጩን ከረንት ራሱንም ገልብጪና አራቱንም ንባብ ጻፊ።

ሀያት ዘጅማ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ላብ ገብቼ ነበር፤ መሀል ላይ መብራት ሄዶ ከሰዓት ነው የጨረስኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.35 ቮልት ነው። ፊልድ ሳይኖር +14.2 ሚሊቮልት። ፊልዱ ከእኔ ወደ ማዶ ሲሄድ «+B» ብዬዋለሁ፦

```
+I, +B :  +22.6 mV
+I, -B :   +5.8 mV
-I, +B :  -22.2 mV
-I, -B :   -5.4 mV
```

ከረንቱን ስገለብጥ ቁጥሮቹ ምልክታቸውን ብቻ ቀይረው እንደነበሩ ይመለሳሉ ብዬ ነበር፤ ሁሉም ላይ 0.4 ልዩነት አለ። ሜትሩ ነው?

ጋሽ ሚሊቮልት

ጥሩ አድርገሽ ለክተሽዋል። 0.35 ቮልት በ20 ሚሊሜትር ላይ ማለት በየሚሊሜትሩ 17.5 ሚሊቮልት ይወርዳል ማለት ነው። እንግዲህ 14 ሚሊቮልት ለማምጣት ሁለቱ ሽቦዎች 0.8 ሚሊሜትር ከተሸሻሹ በቂ ነው። በማጉያ መነጽርና በማስመሪያ ብታዪው ታገኚዋለሽ። በእጅ የተበየደ ከሆነ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አለመሳሳቱ ያስመሰግነዋል። ከሆል ቮልቴጁ ሊበልጥ መቻሉ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው፤ ምልክቱ ሳይገለበጥ የቀረው በዚህ ነው። ሽሽቱ ከ8.4 በታች ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ይገለበጥልሽ ነበር፤ ያኔ ሁሉም ደህና መስሎሽ በአንዱ ንባብ አስልተሽ ታስረክቢ ነበር።

አራቱን እንዲህ አቀናጂ፦

```
V_H = [V(+I,+B) - V(+I,-B) - V(-I,+B) + V(-I,-B)] / 4
    = (22.6 - 5.8 + 22.2 - 5.4) / 4
    = 8.4 mV
```

ያ 0.4 ሜትሩ ላይሆን ይችላል። አራቱን እንዲሁ ደምረሽ ለአራት ብታካፍዪ 0.2 ሚሊቮልት ይቀራል። እሱ ከረንቱንም ፊልዱንም የማይከተል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ብየዳዎች እኩል ባለመሞቃቸው ነው የሚመጣው። ጀርማኒየም ከመዳብ ሽቦ ጋር ሲገናኝ ትንሽ የሙቀት ልዩነት እንኳ ቮልቴጅ ይሰጣል። የሜትሩ ዜሮ መሸሽም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱን ሽቦዎች አጋጥመሽ እዪው። የትኛውም ቢሆን ከላይ ባለው ቀመር ወጥቷል።

መምህር ዘሄርማታ

አማካዩን በተመለከተ ጋሽ ልክ ነዎት፤ ተቀብያለሁ። ግን ለምን ይህን ሁሉ ዙር ትዞራለች? ፖቴንሽዮሜትር አስገብታ ፊልድ ሳይኖር ዜሮ ላይ ብታስተካክለው በአንድ ንባብ ያልቅላት ነበር።

ጋሽ ሚሊቮልት

ይቻላል፤ ብዙዎቹ የላብ ዕቃዎች ለዚያ የሚሆን ማስተካከያ አላቸው። ችግሩ ዜሮው አይቆይም። ሽሽቱ የተወለደው ከቁራጩ ሬዚስታንስ ነው፤ ጀርማኒየም ደግሞ ትንሽ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይለወጣል። የኮይሉ ሙቀት ጎን ላይ እያለ ጠዋት ዜሮ ያደረግሽው ከሰዓት ግማሽ ሚሊቮልት ሆኖ ታገኚዋለሽ። ማስተካከያ ካለ ተጠቀሚ፣ ማገላበጡን ግን አትተዪ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ኤሌክትሮን ወደ አንድ ጠርዝ፣ ቀዳዳ ወደ ሌላው» ያሉት ለአንድ ዓይነት የከረንት አቅጣጫ አይሆንም። ከረንቱ ወደ ቀኝ ከሆነ ቀዳዳ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፣ ኤሌክትሮን ደግሞ ወደ ግራ። ቻርጁም ተቃራኒ፣ ፍጥነቱም ተቃራኒ ሲሆን ሁለቱ ተቃራኒዎች ይጣፋሉ፤ ማግኔቱ ሁለቱንም ወደ አንድ ጠርዝ ነው የሚገፋቸው። ዓይነቱን ማወቅ የተቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። የትኛው ጠርዝ ላይ እንደሚከማቹ አስቀድመን እናውቃለን፤ የማናውቀው የተከማቸው ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጋቲቭ የሚለውን ነው። ሜትሩ የሚመልስልን እሱን ነው።

ሀያት፣ የአንቺን እንየው። ከረንቱ ወደ ቀኝ፣ ፊልዱ ከአንቺ ወደ ማዶ። ቀኝ እጅሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽን ወደ ቀኝ አድርጊ፣ ከዚያ ወደ ማዶ እጠፊያቸው፤ አውራ ጣትሽ ወደ ላይ ይቆማል። ተሸካሚዎቹ ላይኛው ጠርዝ ላይ ናቸው ማለት ነው፣ ማንም ይሁኑ ማን። ቀዩ ሽቦሽ ላይኛው ላይ ነው፣ የሆሉ ድርሻ ደግሞ +8.4። ላይኛው ጠርዝ ፖዘቲቭ ሆኗል፤ ቁራጭሽ ፒ-ታይፕ ነው። 22.6 ወይም 5.8 ፖዘቲቭ ስለሆነ አይደለም፤ ብየዳው በሌላ በኩል ቢሸሽ ኖሮ ሁለቱም ኔጋቲቭ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፣ ቁራጩ ግን ያው ፒ-ታይፕ ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው «ፊልዱ ወደ ማዶ ነው» ባልሽው ላይ ነው። እሱን በምን አወቅሽ?

ሀያት ዘጅማ

በስልኬ ኮምፓስ። ስልኩን ጠጋ አድርጌ ነው ያየሁት፤ 0.2 ቴስላውንም በስልኩ አፕ ላረጋግጥ ሞክሬ ነበር፣ ቁጥሩ አንድ ቦታ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ስለዚህ 0.2ን ከላቡ ማኑዋል ሠንጠረዥ ወሰድኩት።

ጋሽ ሚሊቮልት

ኧረ ስልኩን አርቂው! የስልክ ማግኔቶሜትር የተሠራው ለመሬት ፊልድ ነው፤ ጥቂት ሚሊቴስላ ላይ ይሞላል። 200 ሚሊቴስላ ፊት ስትወስጂው የሚነግርሽ ቁጥርም አቅጣጫም አይታመንም። ተራ የመርፌ ኮምፓስ ፈልጊና ከሩቅ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አስጠጊ። መርፌው ደቡብ ጫፉን የሚያዞርለት የማግኔቱ ፊት ኖርዝ ነው፤ ፊልዱ ከኖርዝ ወጥቶ ክፍተቱን አቋርጦ ወደ ሳውዝ ይገባል። በጣም ካስጠጋሽው መርፌው ራሱ ተገልብጦ ሊማገነጥ ይችላል፤ ከጨረስሽ በኋላ ውጪ ወጥተሽ አሁንም ሰሜን እንደሚያሳይ አረጋግጪ።

ሠንጠረዡም ላይ አትተማመኚ። ብረት ያለው ማግኔት የቀድሞውን ፊልድ በከፊል ይዞ ስለሚቀር በተመሳሳይ የኮይል ከረንት አንዴ 0.20፣ ሲገለበጥ 0.19 ሊሰጥ ይችላል። ጋውስ ሜትር ተዋሺና ሁለቱንም አቅጣጫ ለኪ፤ በቀመሩ ውስጥ የሁለቱን አማካይ አስገቢ። (የጋውስ ሜትሩ ጫፍ ላይ ያለው ራሱ የሆል ቁራጭ ነው፤ የአንቺው ዘመድ፣ ብዛቱ የታወቀለት።)

ሀያት ዘጅማ

ኮምፓሱን ከአንድ ልጅ ተውሼ አየሁት፤ አቅጣጫው ልክ ነበር። ጋውስ ሜትርም ተገኝቶ 0.20 እና 0.20 ሰጠኝ፣ ሦስተኛው አኃዝ ነው የሚለየው። ስሌቱን እዩልኝ፦

```
R_H = V_H·t / (I·B)
    = (8.4e-3 × 1e-3) / (0.010 × 0.20)
    = 4.2e-3 m³/C
p   = 1 / (e·R_H)
    = 1 / (1.602e-19 × 4.2e-3)
    = 1.49e21 /m³
```

t ላይ ውፍረቱን 1 ሚሊሜትር ነው ያስገባሁት፣ ልክ ነው አይደል? የጓደኛዬ ከእኔ በአሥር እጥፍ ያነሰ ነው።

ጋሽ ሚሊቮልት

ልክ ነሽ። t ፊልዱ የሚያልፍበት ውፍረት ነው። ጓደኛሽ ወርዱን 10 ሚሊሜትር አስገብታ ይሆናል፤ የአሥር እጥፉ ልዩነት ከዚያ ነው የሚመጣው። ወርዱ ሰፊ ሲሆን ቮልቴጁ የሚለካበት ርቀት ይረዝማል፣ በዚያው ልክ ከረንቱ ይሳሳል፤ ተጣፍቶ ከቀመሩ ይወጣል።

ቁጥሩ ትልቅ መስሎ ካስፈራሽ ከመዳብ ጋር አስተያዪው። መዳብ በሜትር ኪዩብ 8.5 × 10^28 ኤሌክትሮን አለው። በዚሁ ልክ የተቆረጠ መዳብ፣ በዚሁ ከረንትና ፊልድ፣ 0.15 ናኖቮልት ነው የሚሰጥሽ። የላብሽ ሜትር አያየውም። ኤድዊን ሆል በ1879 በብረታ ብረት ሲፈልገው ወፍራም ቁራጭ ትቶ ስስ የወርቅ ቅጠል የተጠቀመው ለዚህ ነው፤ ኤሌክትሮን ገና አልተገኘም ነበር።

የጊቤ ማዶ

እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ነው። ቮልቴጁ ትንሽ ሆኖብኝ ከረንቱን ከፍ አደረግኩ፣ ቁራጩን የሚያሞቀውን ሂተርም አብርቼ ነበር። የሆል ቮልቴጁ እየቀነሰ ሄደና ከ100 ዲግሪ አለፍ ሲል ምልክቱ ተገለበጠ። ማገላበጡንም በሥርዓቱ ሠርቼዋለሁ። ፒ-ታይፑ ወደ ኤን-ታይፕ ተለወጠ ብዬ ጻፍኩ፤ መምህሩ ቀይ አሰመሩበት። ሀያት፣ ያንቺም እንደዚህ እንዳይሆን።

አዌቱ ዳር

አልተለወጠም፤ የተጨመረበት ባዕድ አቶም ያው ነው። ሲሞቅ ጀርማኒየሙ ከራሱ ኤሌክትሮንና ቀዳዳ በጥንድ ያፈልቃል። ኤሌክትሮኑ ከቀዳዳው ሁለት እጥፍ ገደማ ቀልጣፋ ነው፤ በሆል ቮልቴጅ ላይ ደግሞ ቅልጥፍናው በካሬ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ገና በቁጥር በልጠው ሳሉ ኤሌክትሮኖቹ ምልክቱን ይነጥቃሉ። በዚያ አካባቢ 1/(e·R_H) ብሎ ማስላት ትርጉም የለውም፤ ምልክቱ በሚገለበጥበት ነጥብ ላይ R_H ዜሮ ሲሆን ብዛቱ ማለቂያ የለውም ይልሃል። የሀያት ጓደኛ «ሁለቱም አለበት» ያለችው ለአንተ ሙቅ ቁራጭ ይሠራል። የሀያት ግን በክፍል ሙቀት ላይ ነው፣ የሚቃጠልበትም 3.5 ሚሊዋት ብቻ ነው።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከዚህ ሞቢሊቲ ብታሰዪ ምን ይመጣል? 0.35 ቮልት በ10 ሚሊአምፔር 35 ኦም ነው፤ ከዚያ ኮንዳክቲቪቲው 57 በኦም ሜትር። በ R_H ሲባዛ 0.24፣ ማለትም 2400 ካሬ ሴንቲሜትር በቮልት ሴኮንድ። በጀርማኒየም የቀዳዳ ሞቢሊቲ ተብሎ የሚጻፈው 1900 ነው። ከንጹሕ ጀርማኒየም በላይ ቀልጣፋ ልትሆኚ አትችዪም። እኔ እንደሚመስለኝ የተዘለለው የሆል ፋክተሩ ነው። ተሸካሚዎቹ ሁሉ እኩል ጊዜ እየቆዩ አይደለም የሚጋጩት፤ ስለዚህ ትክክለኛው p = r/(e·R_H) ነው፣ r ለሙቀት ንዝረት ብቻ ሲሰላ 3π/8፣ 1.18 ገደማ። ብዛቱ ወደ 1.75 × 10^21 ከፍ ይላል።

መምህር ዘሄርማታ

ወይስ የቁራጩ ቅርጽ ነው? 20 በ10 አጭር ነው። ጫፎቹ ላይ ያለው ብረት የሆል ቮልቴጁን ያሳጥራል ይባላል።

አዌቱ ዳር

እውነት ነው መምህር፣ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ሲሆን መሀል ላይ 7 ከመቶ ገደማ ይጎድላል። ግን ወደ ተቃራኒው ነው የሚወስደን፤ እውነተኛው የሆል ቮልቴጅ ከ8.4 ይበልጣል ማለት ስለሆነ ሞቢሊቲው ጭራሽ ይጨምራል።

ጋሽ ሚሊቮልት

እኔ ብዛቱን በ1.18 ማባዛቱ ላይ አልስማማም። ያ ቁጥር ለአንድ ቀላል ባንድ የተሰላ ነው። የጀርማኒየም ቀዳዳ ከባድም ቀላልም ዓይነት አለው፤ ጥቂቶቹ ቀላሎች ሆሉን ያጋንኑታል፣ መጠኑም ከፊልዱ ጥንካሬ ጋር ይለወጣል። በሪፖርቱ ላይ 1.49 × 10^21ን «r = 1 ተብሎ የተገኘ» ብላ ትጻፍ፤ አንባቢው የፈለገውን ያባዛል። የ57ቱ ምንጭም ያጠራጥራል። ሀያት፣ 0.35ን የለካሽው ከረንቱ በሚገባባቸው ጫፎች ላይ ነው? ከሆነ የብየዳው ሬዚስታንስ አብሮ ተቆጥሯል፤ ሽሽቱን 0.8 ሚሊሜትር ያልኩትም በዚያው ልክ ይላላል።

አዌቱ ዳር

ያም ቢሆን ወደዚያው ነው፤ የብየዳው ድርሻ ሲወጣ ኮንዳክቲቪቲው ከፍ ይላል፣ ሞቢሊቲውም ከ2400 በላይ። ስለዚህ r ከ1.18ም ሊበልጥ ነው ጋሼ፤ አልተውም ይህን ነገር።

ሀያት ዘጅማ

አዎ፣ በጫፎቹ ላይ ነው የለካሁት። ቁራጩ ላይ ከታች ጠርዝ ሌላ ያልተጠቀምኩበት ሽቦ አለ፤ ከሆሉ ሽቦ 5 ሚሊሜትር ይርቃል። በእነዚያ ሁለቱ መካከል ያለውን ልለካና ልምጣ። ፊልዱን አጥፍቼ ነው አይደል?

ጋሽ ሚሊቮልት

አጥፍተሽ፣ ከረንቱን በሁለቱም አቅጣጫ። 5 ሚሊሜትሩን ራሱን በደንብ ለኪው፤ የብየዳው ነጠብጣብ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሰፋ 10 ከመቶ ስህተት ነው።

ባጃጅ ጠጋኙ

ጋሼ፣ ሁለተኛው ሴንሰር 5 ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሽቦውን ልቁረጠው ወይስ መጀመሪያ ሶኬቱን ልፈትሽ?

ጋሽ ሚሊቮልት

ሶኬቱን።